አርባ ሦስት ወይስ አርባ ስምንት?

መመሪያዋ አንዲት ገጽ ናት፤ ጀርባዋ እንኳ ባዶ ነው። የአንድ የቆየ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር፣ መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ ጠግበው የከረሙ በእጅ የተጻፉ የውጤት መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት በጎ ፈቃደኞች ሲያሰባስብ ለእያንዳንዱ ሰው ይህችን ገጽ ያድላል። የመጀመሪያው መስመር ደመቅ ብሎ ተጽፏል፦ «ያዩትን ይጻፉ፤ ያሰቡትን አይጻፉ።» ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የምልክት ጉዳይ ነው። የተጠራጠሩበትን ቃል፣ ጨርሶ ያልተነበበውን፣ የተሰረዘውን፣ የተቀደደውንና ባዶውን በምን በምን ምልክት እንደሚያስገቡት ታስረዳለች።

ከማኅበሩ አባላት መካከል በዳኝነት ያገለገሉ፣ ባንክ የመሩ፣ ሆስፒታል ያስተዳደሩ ሰዎች አሉ። ግማሾቹ አዲስ አበባ፣ ግማሾቹ ዋሽንግተንና አካባቢው ተቀምጠው የገጾቹን ፎቶ በቴሌግራም እየተቀበሉ ነው የሚሠሩት። ሁሉም መመሪያዋን ቡና ሳይቀዘቅዝ አንብበው «ይኼ ደግሞ ምን ይከብዳል?» አሉ። እኔ ሥራዬ የመጣውን ጽሑፍ ከፎቶው ጋር ማመሳከር ነበርና፣ ምን እንደሚከብድ ቀስ በቀስ ታየኝ። የከበደው ማንበቡ አልነበረም። የከበደው «አላነበብኩትም» ብሎ መጻፍ ነበር።

ደንቡ ግልጽ ነው። ቃሉ የሚነበብ መስሎ ግን እርግጠኛ ካልሆኑ፣ እንደመሰለዎት ይጽፉና ሳያራርቁ [?] ያስከትላሉ። ሁለት ንባብ ከመጣብዎት ሁለቱንም በእዝባር ለይተው በቅንፍ ያስገባሉ። ጭራሽ ካልተነበበ [...] ብቻ ይበቃል። የመጀመሪያው ዙር ሥራ ሲመጣ የ1950ዎቹ መዝገብ ነበር፤ አይጥ ጥጉን በልቶታል፣ ጣሪያው አንድ ክረምት አፍስሶበታል፣ ቀለሙ እንደ ሻይ ገርጥቷል። ከዚያ ሁሉ ገጽ የተመለሰው ጽሑፍ ውስጥ አንዲት የጥያቄ ምልክት አልነበረችም። አይጥ የበላው ጥግ ላይ የነበሩት ስሞች ሳይቀሩ ከነአባታቸው ተሟልተው ገብተዋል።

አንዱን አዛውንት ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ይኼ ስም ፎቶው ላይ ግማሹ የለም፤ ከየት አመጡት?»

«ልጄ፣ እዚያ ቦታ ሌላ ምን ስም ሊኖር ይችላል?»

«እርግጠኛ ካልሆኑ እኮ ምልክት ማድረግ ነው።»

«በስሜ በተመዘገበ ሥራ ላይ ‹አላውቅም› እያልኩ ልፈርም?» አሉና ዝም አሉ። ተቀይመው ነበር።

ቅሬታው የእሳቸው ብቻ ስላልነበረ ጉዳዩ ስብሰባ ተጠራበት። አንድ አባል የጥያቄ ምልክቱ «ስድብ ስድብ ስለሚል» በ«ምናልባት» ይተካ አሉ። ሌላው ምልክቱ የፈረንጅ በመሆኑ በጥንቱ ባለ ሦስት ነጥብ፣ በ ፧ እንዲለወጥ ሐሳብ አቀረቡ፤ ጭብጨባም አገኙ። ከዚያ በስልካቸው ላይ ምልክቱን የሚያገኝ ሰው ስለጠፋ ሐሳቡ ለቀጣዩ ስብሰባ ተላለፈ። ቅንፉ ከጥያቄው በፊት ይከፈት ወይስ በኋላ የሚለውም ራሱን የቻለ ሰዓት ወሰደ። እንዲህ ያለ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። የጥንት ግሪክና ላቲን ጽሑፍ አጥኚዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምልክት ሲጽፉ ኖረው፣ በ1931 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ ላይደን ከተማ ላይ ተሰብስበው ነው የተስማሙት፤ አጠራጣሪዋን ፊደል ከሥሯ ነጥብ ሊያደርጉባት፣ ጠፍቶ በግምት የተሞላውን በአራት ማዕዘን ቅንፍ ሊያስገቡት። ልዩነቱ እነሱ ተስማምተው ወደ ሥራቸው መመለሳቸው ነው።

በነገራችን ላይ ጥርጣሬ ሁሉ ባዶ ጥርጣሬ አይደለም። አንድ ረድፍ ላይ «ታደለ» ወይም «ታደሰ» የሚል ስም ነበር። በረጋ እጅ ሲጻፍ ሰ ከሁለቱ እግሮቿ በላይ አጭር አንገት አላት፤ ለ የላትም። ጸሐፊው ግን ሐምሌ ላይ ስንቱን ገጽ ሲያጣድፍ አንገቱን ውጦታል። የስሞቹ ቅደም ተከተል በሀ ሁ ስለሆነ ጎረቤቶቹን ማየት አንዳንዴ ይረዳል። እዚህ ግን ከበላዩ «ታምሩ»፣ ከበታቹ «ታፈሰ» ስለሆኑ ሁለቱም ንባቦች መካከላቸው ያለ ችግር ይገባሉ። የሚቀረው ያው እጅ በዚያው ገጽ ላይ «ለማ»ን እና «ሰይፉ»ን እንዴት እንደጻፈ ማስተያየት ነው። አስተያየሁት፤ የ«ሰይፉ» ሰ አንገቷ አጭር ቢሆንም አለ፣ የእኛው ስም ላይ ግን ምንም የለም። ስለዚህ «ታደለ[?]» ተብሎ ቢገባ ሥራው ምርጥ ነበር፤ አንባቢው ወደየት እንዳዘነበልንም፣ እንዳልጨረስነውም ያውቃል። ከዋሽንግተን የመጣው ግን ያለ ምንም ምልክት «ታደሰ» ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቅ «የታደሰን አባት አውቃቸው ነበር» የሚል መልስ ደረሰኝ። እንዲህ ላለ መረጃ መመሪያዋ ቦታ አላት። «ማስታወሻ» የሚል ዓምድ አለ፤ ከሌላ ገጽ፣ ከሌላ መዝገብ ወይም ከትዝታ የመጣ ነገር ሁሉ እዚያ ይግባ ትላለች። ማስታወሻው ውስጥ ግን ማንም አልሰፈረም፤ እዚያ የተጻፈ ነገር የማይነበብ ይመስል ሁሉም ዋናው ሳጥን ውስጥ ነው መግባት የሚፈልገው።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ አራሚው ነው። ይህ ሰው የማንበብ ችግር የለበትም፤ ጥሩ አድርጎ ያነባል፤ ችግሩ ያነበበውን አለመውደዱ ነው። የ1958ቱ ጸሐፊ «ዓለሙ»ን አንዴ በዐይኑ ዓ፣ አንዴ በአልፋው አ ይጽፈዋል። «ኃይለ»ን በሦስት ዓይነት ሀ አስተናግዶታል። አራሚያችን ይህን ሲያይ እንቅልፍ ያጣል። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር እትዬ አሉን፤ ካስገቡት ገጽ ላይ አንድም የፊደል ግድፈት አይገኝም፤ ችግሩም እሱ ነው። መዝገቡ ያለበትን ግድፈት ሁሉ አርመው፣ የሞተውን ጸሐፊ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በደንብ አስተምረውታል።

«እትዬ፣ መመሪያው እንዳለ ይጻፍ ይላል።»

«እንዳለማ አይጻፍም! ‹ሥላሴ›ን በእሳቱ ሰ ጽፎት!»

ለምን እንዳለ እንደሚጻፍ ለማስረዳት ሞከርኩ። ስሙ የተመዘገበው ልጅ ዛሬ ማስረጃውን ፈልጎ ቢመጣ በእጁ ያለው ካርድ ላይ ስሙ የተጻፈው ጸሐፊው እንደጻፈው ነው፤ እኛ ካሳመርነው ካርዱና መዝገቡ ሊገጥሙ አይችሉም። በዚያ ላይ የምንፈራው የፍለጋ ችግር ለብቻው መድኃኒት አለው። አንድ ሌላ ዓምድ ይከፈትና ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ሆነው፣ ሠ እና ሰ አንድ ሆነው፣ ዐ እና አ፣ ፀ እና ጸ እንደዚያው ተደርገው ስሙ ለፍለጋ ብቻ ድጋሚ ይጻፋል። ያን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራዋል፤ ሰው አይደክምበትም። እትዬ በጥሞና ሰሙኝ። «ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ። «እንግዲያው የፍለጋውን ዓምድ እንደ ጸሐፊው አድርጉት፤ ዋናው በትክክል ይጻፍ።»

አሳጥሮ የተጻፈውን ማስረዘምም የዚሁ ሕመም ዘመድ ነው። «ተ/ማርያም» የሚለውን አንዱ «ተክለ ማርያም» ብሎ፣ ሌላው «ተስፋ ማርያም» ብሎ ፈትቶታል፤ ሁለቱም አይጠራጠሩም። «ወ/» ያለበት የሴት ልጅ ስም «ወልደ» ሆኖ የመጣበት ገጽም አለ፤ «ወለተ» መሆኑን ያሰበ አልነበረም። ከውጤቱ ጎን «ዶ/ር» የተጨመረለትም ተማሪ አጋጥሞኛል፤ ስምንተኛ ክፍል ነው። የጨመሩለትን ሰው ስጠይቅ «ኋላ እኮ ሆኗል» አሉኝ።

ግን ከሁሉ ያሳቀኝ የሁለቱ ጭረት ነገር ነው። የድሮ ጸሐፊ ድካም ሲመጣበት፣ ከበላዩ ያለውን ደግሞ ላለመጻፍ ሁለት ትንንሽ ጭረት ያደርጋል። «እንደላይኛው» ማለት ነው፤ ያደገበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብለን መመሪያዋ ላይ በመጀመሪያ አላስገባነውም ነበር። በአንድ ገጽ ላይ የዕድሜው ዓምድ 15 ብሎ ይጀምርና ከዚያ በታች ዘጠኝ ጊዜ ሁለት ጭረት ይደረደራል። ያስገባው ወጣት ጭረቱን እንዳየው ጻፈው፦ 11፣ 11፣ 11። ስለዚህ ከአንዱ የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ በስተቀር ክፍሉ በሙሉ የአሥራ አንድ ዓመት ሕፃናት የሚማሩበት ስምንተኛ ክፍል ሆነ። ቁጥሩ በቴሌግራም ቡድኑ ላይ ሲለጠፍ ማንም አልደነገጠም። እንዲያውም «የድሮ ልጅ እንዲህ ነበር! የዛሬው በአሥራ አንዱ ስሙን መጻፍ መች ያውቃል?» የሚል ረዥም ውይይት ተከፈተ፤ በሥርዓተ ትምህርቱ መበላሸት ላይ ሁለት ቀን ተወያዩበት። አንድ ሰው «ቆይ፣ እኔ እዚያ ክፍል ነበርኩ፤ ጢም ያለው ልጅ ነበረን» እስኪል ድረስ።

እዚህ ላይ መመሪያዋ ራሷን መቃወም ግድ ሆነባት። «ያዩትን ይጻፉ» ካለች ጭረቱ እንደ ጭረት ይጻፍ ማለቷ ነበር። ነገር ግን ጭረት ትርጉም የሚኖረው ከበላዩ ያለው ሰው ከቦታው እስካልተነሣ ድረስ ነው። አንድ ቀን አንድ ቀልጣፋ አባል የኤክሴሉን ሠንጠረዥ በስም ቅደም ተከተል አስተካክላለሁ ብሎ አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ረድፎቹ ሁሉ ተበታትነው እንደገና ተሰለፉ፤ ጭረቶቹም ከአዳዲስ ጎረቤቶች ሥር ገቡ። ሐረር የተወለደው ደብረ ማርቆስ ተወለደ፤ አርሲ የተወለደው ጎንደሬ ሆነ። አሁን ሕጉ እንዲህ ነው፦ ጭረቱ የሚወክለውን ቃል ራሱን ይጽፉና ከጎኑ ምልክት ያደርጋሉ፤ «ሐረር[ከላይ]»። በዚህች አንቀጽ ብቻ ያሰቡትን መጻፍ ይፈቀዳል። ይህን ሲሰሙ አራሚዎቹ ፊታቸው እንዴት እንደበራ!

ባዶ ሳጥንም የራሱ ጣጣ አለው። መዝገቡ ላይ ባዶ ሳጥን አለ፣ ሰረዝ የተደረገበት አለ፣ ዜሮ የተጻፈበት አለ። ሦስቱ ሦስት ነገር ናቸው። ሰረዙ ልጁ ፈተናው ላይ አልተቀመጠም ማለት ሊሆን ይችላል፣ ባዶው ጸሐፊው ረስቶታል፣ ዜሮው ደግሞ ዜሮ ነው። ደንቡ ባዶውን [ባዶ] በሉ፣ ሰረዙን ሰረዝ በሉ ይላል። ባዶ ሳጥን የማያስችላቸው ሰዎች ግን ሁሉንም በዜሮ ሞሉት፤ ታሞ የቀረው ልጅ ከስንት ዓመት በኋላ ወድቆ አደረ።

የግዕዝ ቁጥሩን ቶሎ ልለፈው። የመዝገቡ ሽፋን ላይ ዓመቱ ፲፱፻፶፰ ተብሎ ተጽፏል። ከወጣቶቹ አንዱ እያንዳንዱን ምልክት ከስልኩ ላይ እየፈለገ በየተራ አስገባውና ትምህርት ቤቱ የ109100508 ዓመተ ምሕረት ምሩቃን አስገኘ። አሥርና ዘጠኝ ተደምረው በመቶ እንደሚባዙ፣ ሃምሳ ስምንት እንደሚጨመርበት የነገረው አልነበረም። ዋሽንግተን ያሉት ደግሞ 1958ን ፈረንጆቹ እንዲገባቸው ወደ 1966 ቀየሩት። የትምህርት ዘመኑ የተጀመረው ግን በመስከረም፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ነበር። ገጹ ለእርማት አዲስ አበባ ሲደርስ፣ አንዱ ጥንቁቅ ሰው 1966ን እንደ እኛው ዓመት ቆጥሮ ስምንት ጨመረበት። ያ ክፍል አሁን በ1974 ተመርቋል። መመሪያዋ ላይ «ዘመን አይለውጡ» የሚል መስመር የገባው ያን ሳምንት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ አንዲት ሳጥን ናት። አንድ ተማሪ፣ ስሙ ምንም አያደርግልንም፣ ስድስት ትምህርት ተፈትኗል። አማርኛ 72፣ እንግሊዝኛ 58፣ ሳይንስ 64፣ ጂኦግራፊ 70፣ ታሪክ 81። ሒሳቡ ላይ ያለው ቁጥር ግን በምላጭ ተፍቆ ሌላ ተጽፎበታል። ያኔ ፍሉድ የለም፤ ጸሐፊ ሲሳሳት ቀለሙን በምላጭ ጫፍ ይፍቀውና የሻከረው ወረቀት ላይ ይደግመዋል፤ ቀለሙም በተፋቀው ቦታ ይፈስሳል። የመጀመሪያው አሃዝ 4 ወይም 9 ይመስላል፤ ሁለተኛው 3 ወይም 8።

መመሪያዋ እያንዳንዱ ገጽ በሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ ይገባ ትላለች። የተለያዩበትን ሦስተኛ ሰው ያየዋል። መልካም ዘዴ ነው፤ ሁለት ሰው ለየብቻው በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ስሕተት የሚሠራበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ደግሞ ችግሩ የት እንዳለ ሳይጠቆም ይታወቃል። ከዚህ ገጽ ላይ ግን ሁለቱ ጽሑፎች አንዲት ነጥብ ሳይለያዩ መጡ፤ ሳጥኗም ሁለቱም ጋ 93 ናት። እንዲያውም ሁለቱም ጋ «ጂኦግራፊ» «ጂኦግራፈ» ተብላለች። ሁለቱ የአንድ ዴስክ ልጆች ነበሩ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላም በስልክ እየተጠያየቁ ነው የሠሩት። ብቻቸውን እንዲሠሩ የተነገራቸውን ሥራ ተኮራርጀው በማቅረባቸው ማንም አላፈረም፤ «ተማከርን» ነው የተባለው።

ከሁለቱ አንዷ ደግሞ የተማሪው የወንድም ልጅ ናት።

«አጎቴ በሒሳብ ቀልድ አያውቅም» አለችኝ። «ኋላ መሐንዲስ ሆኗል።»

መዝገቡ ራሱ ምን ይላል ብለን ተቀመጥን። የአምስቱ ድምር 345 ነው። ጸሐፊው አጠቃላይ ብሎ የጻፈው 388 ነው፤ ይህ ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበባል። ከ388 ላይ 345 ሲቀነስ 43 ይቀራል። ስለዚህ ሒሳቡ 43 ነው ብለን ልንበተን ስንል፣ አንዱ የባንክ ሰው አማካዩን አዩ። አማካዩ 65.5 ይላል። 388 ለስድስት ሲካፈል 64.7 ነው እንጂ 65.5 አይደለም። 65.5 የሚመጣው ድምሩ 393 ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሒሳቡ 48 ይሆናል። ድምሩ ለ43 ይመሰክራል፣ አማካዩ ለ48። ጸሐፊው አንዱን ካረመ በኋላ ሌላውን ማረም ረስቷል፤ የቱን እንዳረመ ግን ከዚህ ገጽ ላይ የሚነግረን የለም። በ93 ድምሩ 438፣ አማካዩ 73 ነበር የሚሆነው፤ ሁለቱም ጋ አይደርስም። የወንድም ልጇ ግን አልተበገረችም። «ጸሐፊው መደመር ካልቻለ» አለች፣ «የእሱን ድምር ለምን ታምናላችሁ?» እውነት ለመናገር መልስ የሚያሳጣ ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከፊሉን የፈታው ቀለሙ ነው። በዚያ መዝገብ ከ50 በታች የሆነ ውጤት ሁሉ በቀይ ይጻፋል። እኛ የምናየው ፎቶ ግን ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ፎቶውን ያነሣው ልጅ ገጹ «ጥርት እንዲል» ብሎ በስልኩ የሰነድ ማንሻ ጥቁርና ነጩን መርጦ ነው ያነሣው። ቀዩ ሁሉ ጠቁሯል፣ በእርሳስ የተጻፈውም ጨርሶ ጠፍቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ ካስገባነው ገጽ ውስጥ [ቀይ] የሚል ምልክት አለመኖሩን አይቶ የጠረጠረ አልነበረም፤ በመዝገቡ ሙሉ የወደቀ የለም ማለት እኮ ነው። ሰው ወደ መዝገብ ቤት ተልኮ ገጹ በቀለም እንደገና ተነሣ። ሳጥኗ ቀይ ናት። 93 ወደቀች፣ 98ም አብራት። የቀሩት 43 እና 48 ናቸው፤ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ከ50 በታች።

መመሪያዋ ለዚህ መልስ አላት፤ ጭቅጭቅ አይጠይቅም። ሳጥኗ ውስጥ [ቀይ: 43/48?] ተብሎ ይጻፋል፣ ማስታወሻው ውስጥ ድምሩና አማካዩ የሚሉት ይገባል፣ ሰው ወደ ቀጣዩ ረድፍ ይሄዳል። ይህን በንባብ ካቀረብኩ በኋላ ስብሰባው ዝም አለ። የሕግ ሰው የነበሩት አባል እጃቸውን አወጡ። «ሁለት ውጤት ያለው ተማሪ በየትኛው አገር አለ? በድምፅ ይወሰን» አሉ። ድምፅ ተሰጠ፤ 48 በሁለት ድምፅ አሸነፈች፤ የወንድም ልጇ ከዋሽንግተን በስልክ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ድምፅ መስጠት ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀለም እንደማይለውጠው ለማስረዳት እየታገልኩ ሳለ፣ መዝገብ ቤት የተላከው ልጅ የተማሪውን የግል ካርድ ይዞ ገባ። ካርዱ ላይ የሒሳቡ ውጤት በጥሩ እጅ፣ ያለ አንዳች ፍቀት ተጽፏል፦ 46።

ይህ ደግሞ ማስታወሻ ነው። ካርድ ሌላ ሰነድ ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው መዝገቡ ውስጥ ያለውን አይለውጠውም፤ «በግል ካርዱ 46» ተብሎ በጎን ይጻፋል። እኔ ይህን ስናገር ግን የሚሰማኝ አልነበረም። የሒሳብ መምህር የነበሩት ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀት ላይ ይጽፉ ነበር።

«አርባ ሦስት፣ አርባ ስምንት፣ አርባ ስድስት፤ 137። ለሦስት ሲካፈል 45.7» አሉ። «ማንንም የማይጎዳው ይኼ ነው።»

ቤቱ በአንድ ድምፅ ተቀበለው። ቃለ ጉባኤ ያዡ ወጣት 45.7 ብሎ ጻፈና ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት ላድርግበት?»

«ለምን?» አሉ። «ይኼማ ተሰልቶ የመጣ ነው።»